ፎርሙን ማን አስሞላው?

እናንተ የማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ሰዎች፣ ይህን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የሰፈራችን ልጅ ከአጎቱ አይሱዙ ገዛ። ብሩን ከፍሎ በውክልና ተረከበ። ስም ማዛወሪያው ወጪ አለው ተብሎ ሊብሬው በአጎቱ ስም ቀረ። ኢንሹራንሱም በእሳቸው ስም ታደሰ። ፎርሙ ላይ መኪናው ለምን አገልግሎት እንደሚውል ይጠየቃል። ልጁ ከቡሬ በቆሎ እየጫነ በኪራይ አዲስ አበባ ይመላለሳል። የተሞላው ግን «የራስ ዕቃ ማመላለሻ» ተብሎ ነው፤ አረቦኑ ይቀንሳላ! «ምን አገባቸው፣ ርካሹን ጻፍ» ያልነው ደግሞ እኛው ነን፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ መኪናው ተገለበጠ። ልጁ ተረፈ፤ መኪናው ለቁርጥራጭ ብረት ሆነ። ኩባንያው መርማሪ ላከ። ጋቢና ውስጥ የጭነት ወረቀቱ ተገኘ፤ የባለ በቆሎው ስምና የኪራዩ ዋጋ ተጽፎበታል። አጎትዬውም ሲጠየቁ አልዋሹም። «ሸጬለታለሁ» አሉ። በቃ፣ የካሳው ነገር እዚያው ላይ አለቀ።

የንብረት መድን የሚክሰው ንብረቱ ሲጠፋ የሚጎዳውን ሰው ነው። አጎትዬው ገንዘባቸውን ተቀብለዋል፤ መኪናው ገደል ቢገባ ከኪሳቸው ሳንቲም አይወጣም። የከሰረው ልጁ ነው፤ እሱ ደግሞ ውሉ ውስጥ የለም። እናቱ ለዚያ መኪና ጥማድ በሬያቸውን ሸጠው ነበር።

ስሙ ተስተካክሎ ቢሆን እንኳ ኪራዩ ነበረ። መድንን በሚመለከት ዛሬም የሚሠራው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። አንቀጽ 667 ውል ስትገባ የምታውቀውን፣ አደጋውን ለመመዘን የሚረዳውን ሁሉ በትክክል ተናገር ይላል። ሆን ብለህ ደብቀህ፣ ኩባንያው ቢያውቅ ኖሮ በዚያ ዋጋ የማይዋዋልህ ከነበረ፣ በአንቀጽ 668 ውሉ ዋጋ የለውም። ሳታስብ የዘነጋኸው ከሆነ ግን ካሳው ይቀነሳል እንጂ አይቀርም። 30,000 ብር መክፈል ሲገባህ 20,000 ከፍለህ ከሆነ፣ ለ900,000 ብር ጉዳት 600,000 ታገኛለህ። ታዲያ በየሳምንቱ የሚያከራይ ሰው ማከራየቱን ዘነጋሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ሊያጽናኑት የመጡት ሁሉ «ኢንሹራንስ ሌባ ነው» ሲሉ አመሹ። አፈርኩ። ያንን ፎርም ኩባንያው አልሞላውም።

መኪናችሁ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ሊብሬውን አዙሩ፤ ውሉንም በስማችሁ አድርጉ። ታከራያላችሁ? አከራያለሁ በሉ። አደጋ ሳይደርስ ሄዶ ማሳረም ይቻላል፤ ተጨማሪ አረቦን ትከፍላላችሁ፣ ማሻሻያውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ብዙ ሰው ይሰማኛል ብዬ አይደለም። ደግሞ ነገ ሻይ ቤት «ርካሹን ጻፍ» የሚል አይጠፋም። ግን ሰሞኑን አንድ ሹፌር ስም ለማዛወር ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ጠየቀኝ። ለጊዜው እሱም ይበቃኛል።