የአሥራ አንድ ሰዎች ሦስት ሰዓት

ዛሬ ደመወዝ ተከፈለ፤ በዚያች ሌሊት ከእኔ ጋር አምሽተው መኪናውን የጫኑት አሥራ አንድ የማሸጊያ ክፍል ሠራተኞች ግን ያመሹበትን ክፍያ በወረቀታቸው ላይ አላገኙም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም በዚያች ምሽት «ሥሩ፣ ይከፈላችኋል» ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ማሽኑ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ቆሞ እንደነበር፣ መኪናው በር ላይ ይጠብቅ እንደነበር፣ የምርት ኃላፊውም ፈረቃችን ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደውሎ «ሳይጫን ሰው እንዳይወጣ» እንዳለኝ አብራችሁኝ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ እሺ አሉ። ነፍሰ ጡር የሆነችውን እህታችንን ብቻ ወደ ቤቷ ሸኘኋት፤ ሕጉ እሷን ትርፍ ሰዓት ማሠራት እንደሚከለክል አውቃለሁና። የቀሩት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሠሩ።

ዛሬ ጠዋት ሁላችንም የሰው ሀብት ክፍል መስኮት ላይ ቆመን፣ ከኋላዬ አሥራ አንዱም እየሰሙ፣ የተሰጠኝ መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ማስታወቂያው ሰሌዳው ላይ አለ። ያለ ቅድመ ፈቃድ የተሠራ ትርፍ ሰዓት አይከፈልም ይላል። እርስዎ ተቆጣጣሪ ሆነው ማንበብ ካቃተዎት እኛ ምን እናድርግ?»

«የምርት ኃላፊው በስልክ አዞኛል» አልኩ።

«ስልክ ቅጽ አይደለም።»

«የጣት አሻራው የወጡበትን ሰዓት ያሳያል፣ ሁሉም ከምሽቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው የወጡት» አልኩ።

«የጣት አሻራ ግቢ ውስጥ መኖርን እንጂ መሥራትን አያሳይም» ተባልኩ፤ መስኮቱም ተዘጋ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን እትዬ ያሉኝ ነው። ከማናችንም በላይ እዚያ ቤት የቆዩት እሳቸው ናቸው። ክንዴን ያዝ አድርገው፣ ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ አንተማ አልዋሸኸንም፤ ግን ለመሆኑ ያ ወረቀት ምን ይላል?» አሉኝ። ሄጄ ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ለእሳቸው ላነብላቸው ስሞክር፣ እኔ ራሴ የማላስረዳው ወረቀት መሆኑን ያኔ ተረዳሁ።

የመጀመሪያው ጥፋት ሰዓቱ ነው። «ከ6:00 እስከ 22:00 በ150%፣ ከ22:00 እስከ 6:00 በ175%» ይላል። በእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ነው፤ 22 የሚባል ሰዓት ደግሞ በማንኛችንም የእጅ ሰዓት ላይ የለም። እትዬ «ታዲያ እኛ የወጣነው በ6 ሰዓት አይደል፣ የማታው ሒሳብ የሚጀምረው ገና ከዚያ ወዲያ ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቱን እንደ ተጻፈ ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚረዳው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለው ግን ግልጽ ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓት ደመወዙ በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራው ደግሞ በ1.75 ይባዛል። ይህን በሰው ሰዓት ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት በመቶኛ ተጽፎ ያለ ምሳሌ መቅረቱ ነው። በሰዓት 40 ብር ለሚከፈለው ሰው «150%» ማለት 60 ብር ይሁን፣ ወይስ በ40ው ላይ ሌላ 60 ተጨምሮ 100 ብር ይሁን፣ ወረቀቱ አይነግረውም። ግማሹ ሰው ብዙ ጠብቆ ያዝናል፤ ግማሹ ሲጎድልበት አያውቅም። የእኛን ሌሊት ብቻ ብትወስዱ ሁሉም ነገር ይታያል። ከምሽቱ 3 እስከ 4 ያለው አንድ ሰዓት 40 በ1.5 ተባዝቶ 60 ብር ነው፤ ከምሽቱ 4 እስከ 6 ያሉት ሁለት ሰዓታት እያንዳንዳቸው 40 በ1.75፣ ማለትም 70 ብር ናቸው፤ ድምሩ ለአንድ ሰው 200 ብር ይመጣል። ሦስቱንም ሰዓት በ1.5 ያሰላ ሰው 180 ብር ጽፎ ያልፋል፤ ሃያ ብሯን ማንም አይጠይቃትም፣ ምክንያቱም ማስታወቂያው 4 ሰዓት ላይ ሒሳቡ እንደሚቀየር ማንም በሚገባው ቋንቋ አልተናገረም። ባለፈው የበዓል ቀን የገቡት ልጆችም የደረሰባቸው ይኸው ነበር፤ በ2.5 መባዛት የነበረበት በ1.5 ተሰልቶ ተሰጣቸውና «ይኼው ነው» ተብለው ሄዱ። በሳምንት ዕረፍት ቀን የሚሠራው በ2 እንደሚባዛም ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል የለም።

ዋናው ግን ፈቃዱ ነው፤ ዛሬ ያቃጠለኝም እሱ ነው። አሠሪው ሳያዝ ትርፍ ሰዓት አይሠራም መባሉን አልቃወምም፤ አዋጁ ራሱ ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ነው ይላል። እኛ ቤትም ሰው ሳይታዘዝ አምሽቶ ገንዘብ እንዲጠይቅ የሚፈልግ የለም። ነገር ግን ያው አዋጅ ቀጥሎ፣ የተሰጠውን ትእዛዝና እያንዳንዱ ሠራተኛ የሠራውን ትርፍ ሰዓት የመመዝገብ ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው ይላል። ማስታወቂያው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ወስዶ ሁለተኛውን ትቶታል። ስለዚህ መዝጋቢው ያልመዘገበው ነገር ሁሉ የሠራተኛው ጥፋት ሆኖ ተገኘ።

የቅድመ ፈቃድ ቅጹ ደግሞ የምርት ኃላፊውንና የሰው ሀብት ክፍሉን ፊርማ ይጠይቃል፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት። የሰው ሀብት ክፍሉ የሚዘጋው ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ የእኛ ፈረቃ የሚያልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ማሽን የሚበላሸው፣ መኪና የሚዘገየው፣ ተተኪ የሚቀረው ማታ ነው። ታዲያ ፈራሚው ቤቱ ገብቶ ሳለ የሚመጣ አስቸኳይ ሥራ በማን ይፈቀዳል? ወረቀቱ ይህን አይመልስም፤ ስጠይቅም የተመለሰልኝ ስድብ ነው።

ከምሳ በኋላ ተቀምጬ በእጄ ጻፍኩት፤ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። «ከፈረቃ ማብቂያ በኋላ እንድትቆዩ ስትጠየቁ ተቆጣጣሪው ስማችሁን፣ የቆያችሁበትን ምክንያትና የጀመራችሁበትን ሰዓት በቅጹ ላይ ይጽፋል፤ እናንተም ትፈርማላችሁ። ኃላፊው በግቢው ከሌለ በስልክ ያዘዘበት ሰዓት በቅጹ ላይ ይጻፋል፤ እሱም በማግስቱ ይፈርማል። ስትወጡ የወጣችሁበት ሰዓት ተጽፎ አንድ ቅጂ ይሰጣችኋል። በአንድ ቀን ከ4 ሰዓት፣ በአንድ ሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ አትጠየቁም። ክፍያው ከደመወዛችሁ ጋር በደመወዝ ቀን ይገባል።» ከሥሩ የዚያችን ሌሊት ሒሳብ፣ 60 ሲደመር 70 ሲደመር 70፣ ለምሳሌ አስቀመጥኩ። እትዬ አነበቡትና «ይኼማ ገባኝ» አሉ። ወደ ሰው ሀብት ክፍል ስወስደው ግን «ማስታወቂያ የሚያወጣው ተቆጣጣሪ አይደለም» ተብሎ ሳይነበብ ተመለሰልኝ።

ደክሞኛል። 2,200 ብር ነው የአሥራ አንዱም ድምር፤ ከዚያች መኪና ጭነት አንጻር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የጫኑት ያውቃሉ። የእያንዳንዱን ስም፣ የጣት አሻራውን ሰዓትና ኃላፊው የደወለበትን ሰዓት ከስልኬ ላይ ገልብጬ ነገ በጽሑፍ ለሥራ አስኪያጁ አስገባለሁ፤ በቃል የተጠየቀ ነገር እዚያ ቤት እንዳልተጠየቀ መሆኑን ዛሬ አይቻለሁ። አሥራ አንዱም ወረቀቱ ላይ ይፈርማሉ፤ እትዬ የመጀመሪያዋ ፈራሚ እኔ ነኝ ብለዋል።

አሁን ደግሞ ሐሙስ ማታ ሌላ መኪና እንደሚመጣ ተነግሮኛል። ቅጹ ተሞልቶና ተፈርሞ እጄ ካልገባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መስመሩን አቁሜ ሰዎቹን ወደ ሰርቪስ አሳፍራለሁ።