ማስተካከያ፦ የመላኪያ ደረሰኝ የመድረሻ ማስረጃ አይደለም

«ሰነዱን ከቀነ ገደቡ በፊት በፖስታ ከላካችሁ፣ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የመላኪያ ደረሰኙ ይበቃል።»

ይህ የሚሠራው ሕጉ የፖስታ ቤቱን ማህተም ቀን በሚቆጥርበት ቦታ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን የግል ኩሪየር ላይጨምር ስለሚችል አስቀድሞ ማጣራት ነው። ሕጉ ሰነዱ የደረሰበትን ቀን የሚቆጥር ከሆነ ግን ደረሰኙ መላካችሁን እንጂ መድረሱን አያሳይም።

ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው እንበል። ፖስታው ረቡዕ ተላከ፣ ዓርብ ከሰዓት ደረሰ። መዝገብ ቤቱ ግን የገቢ ማህተሙን ሰኞ አሳረፈበት። ፋይሉ ላይ የሚታየው ሰኞ ነው፤ ቅጣቱም በዚያው ይሰላል። ይህን ለመከራከር የተቀባዩ ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና ሰዓት ያለበት የመድረሻ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። (የፈረመው የበር ጥበቃ ከሆነ ሌላ ጭቅጭቅ ነው።) በአደራ ደብዳቤ ስትልኩ የመድረሻ ማረጋገጫ ካርዱን እዚያው ጠይቁ። በኩሪየር ከሆነ የመከታተያ ገጹን ቶሎ አትማችሁ ያዙ፤ መረጃው ከጊዜ በኋላ ሊጠፋ ይችላል።

ማረጋገጫው ግን ፖስታ መድረሱን እንጂ ውስጡ ምን እንደነበረ አይናገርም። የመከታተያ ቁጥሩን ሸኚ ደብዳቤው ላይ ጻፉ፣ አባሪዎቹን ከነገጽ ብዛታቸው ዘርዝሩ፣ ቅጂውን ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ።