«ቪትዝ 2005» ብሎ ነገር የለም!

አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ በኦንላይን እሸጣለሁ። ዛሬ ሆዴ ስለተቃጠለ እንደ ልቤ ልናገር።

የ1000 ሲሲ ቪትዝ የውሃ ፓምፕ ለጠፍኩ። ሥሩ ላይ በግልጽ ጽፌያለሁ፦

```
የውሃ ፓምፕ፣ ቪትዝ/ያሪስ 1000 ሲሲ
ሻንሲ SCP10፣ ሞተር 1SZ-FE፣ 1999-2005
ለKSP90 አይሆንም
```

ከዚያ ኢንቦክሱ ይጀምራል። «ለቪትዝ 2005 ይሆናል?» ሻንሲውን ላክልኝ እላለሁ። «2005 ነው አልኩህ እኮ!»

ወንድሜ፣ ችግሩ ያለው እዚያው 2005 ላይ ነው። አሮጌው ቪትዝ ያበቃውም አዲሱ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱም 1000 ሲሲ አላቸው። አሮጌው SCP10 ባለ አራት ሲሊንደር ነው፣ ሞተሩ 1SZ-FE። አዲሱ KSP90 ደግሞ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 1KR-FE። ሞተሩ ሌላ፣ ፓምፑም ሌላ። ከአውሮፓ የመጣ ያሪስ ከሆነ ደግሞ አሮጌው ቅርጽ እዚያ ትንሽ ስለቆየ ዓመቱ ጭራሽ አይረዳም። የ1300ውን አታንሱብኝ፤ NCP10 እና SCP90 ሲሲያቸው አንድ ሆኖ ሞተራቸው የተለያየ ነው።

አንዱ ደግሞ «98 ሞዴል» አለኝ። ቪትዝ ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ1999 ነው! ለካ በኛ አቆጣጠር እየነገረኝ ኖሯል።

የባሰው ግን ከአሰላ መጣ። ሻንሲ ስጠይቀው «ሜካኒኬ ያውቃል» ብሎ ገንዘቡን ላከ፣ እኔም ማስታወቂያው ላይ ያለውን አስጫንኩ። በነጋታው ፓምፑ ተመለሰ። መኪናው KSP90 ነበር። የፓምፑ ፊት ላይ ሲሊኮን ተለቅልቋል፣ የካርቶኑም ክዳን ተቀዷል። «አልገጠመም፣ ገንዘቤን» ይላል። ሜካኒክ ተብዬው ሲሊኮን ከመቀባቱ በፊት ከአሮጌው ፓምፕ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቢያይ ምን ነበረበት? አሁን ይህን አዲስ ነው ብዬ ለማን ልሽጠው?

ከጎኔ ያለው ሻጭ ደግሞ ያንኑ ፓምፕ «ለሁሉም ቪትዝ፣ 1999-2010» ብሎ ለጥፏል። ላይኩን የሚያፍሰው እሱ ነው። የኔ ደግሞ «ረጅም ነው» ይባላል።

እባካችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከሌለም በበሩ ምሰሶ ላይ፣ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። MODEL ከሚለው ጎን ከሰረዙ ቀጥሎ SCP10 ወይም KSP90 ተጽፏል። ፎቶ አንሱና ላኩልኝ። ሰሌዳዋ ከተነቀለች ካንዴላውን ቁጠሩ። አራት ከሆነ ይህ ፓምፕ የናንተ ሊሆን ይችላል፣ ሞተር ቁጥሩን ላኩና እናረጋግጥ። ሦስት ከሆነ ሌላ አለኝ፣ እሱን እልካለሁ።

ፎቶ ሳይልክ ዓመት ብቻ ለሚጽፍልኝ ከዛሬ ጀምሮ ዋጋም አልናገርም። ሲሊኮን የነካውን ፓምፕ ደግሞ አልመልስም፤ የፈለገ ይስደበኝ።