ይሄ እጅ የማን ነው?

ፒያሳ ያለች ደንበኛዬ 30 ሚሊ ሊትር የፊት ዘይት ትሸጣለች። በኤአይ የተሠሩ ስድስት ምስሎች ፈለገች፤ ሁሉም ላይ ያው አንድ እጅ ጠርሙሱን ይዞ። ሦስት ቀን ሙሉ አንጀቴ አረረ።

«30 ሚሊ» ብዬ ስጽፍ የሃይላንድ ውሃ የሚያክል ጠርሙስ ይሰጠኛል። ሚሊ ሊትር አይገባውማ! «ቁመቱ ከመሃል ጣት ትንሽ የሚበልጥ» ስለው ነው ልኩን ያገኘው። «ይዛለች» ብቻ ካልኩ ደግሞ ጣቶቹ ጠርሙሱ ላይ ይለጠፋሉ፤ አውራ ጣቱ የት እንደገባ አይታወቅም። አውራ ጣት ከፊት፣ ሁለት ጣት ከኋላ፣ ስሙ ሳይሸፈን፤ እንዲህ አንድ በአንድ መንገር ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ቆዳው ነው። የመጀመሪያው እጅ ጠይም፣ ሦስተኛው ቀይ! ለካ ሦስተኛው ላይ «የማታ ፀሐይ» የሚል ጨምሬ ኖሯል፤ ብርሃኑ ቆዳውንም ቀባው። አሁን የመጀመሪያውን ምስል እንደ ማጣቀሻ እያስገባሁ፣ ብርሃኑን ሳልነካ፣ ከኋላ ያለውን ብቻ እቀይራለሁ። ቆዳው ተስተካከለ። አምስተኛው ላይ ግን ጥፍሩ ረዘመ።

ደንበኛዬ ወዲያው ደወለች፦ «ይሄኛው እጅ ደግሞ የማን ነው?»

እንደገና ጀመርኩ።