ሦስት ስላይድ በአንድ ገጽ፣ ከነማስታወሻው

ጥያቄው ሲነገር ቀላል ነበር። አምባሳደር አካባቢ በሚገኘው ቢሯችን ለ24 ሠልጣኞች የሚቀርብ የ36 ስላይድ ገለጻ አዘጋጅቼ እንደጨረስኩ ኃላፊያችን፣ «በየገጹ ሦስት ሦስት ስላይድ ይሁን፤ እርስዎ በቃል የሚያብራሩትም ከጎኑ ይጻፍና በፒዲኤፍ ይላኩልኝ» አሉኝ። ማብራሪያውን በየስላይዱ ግርጌ ባለው የማስታወሻ ቦታ አስቀድሜ ጽፌው ስለነበር ከሻይ በፊት እንደምጨርሰው እርግጠኛ ነበርኩ። የጨረስኩት ግን በማግስቱ ማታ ነው።

ፓወርፖይንት የተጠየቅሁትን ነገር ግማሽ ግማሹን ለየብቻ ይሰጣል፤ አንድ ላይ ግን አይሰጥም። በማተሚያው ገጽ ላይ `Handouts` የሚለውን ከመረጥን በአንድ ገጽ ከ1 እስከ 9 ስላይድ መደርደር እንችላለን፣ ነገር ግን ከማስታወሻችን አንዲት ቃል እንኳ አይመጣም። `Notes Pages` የሚለውን ከመረጥን ደግሞ ማስታወሻው ይመጣል፣ ሆኖም በአንድ ገጽ አንድ ስላይድ ብቻ ነው። እኔን መጀመሪያ ያታለለኝ ባለ ሦስት ስላይዱ አማራጭ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ስላይድ ጎን መስመሮች ተሰምረው ሳይ ማስታወሻዬ እዚያ ይገባል ብዬ ተደሰትኩ። መስመሮቹ ግን ሠልጣኙ በእስክሪብቶ እንዲጽፍባቸው የተተዉ ባዶ መስመሮች ናቸው። በጎግል ስላይድስ ብሞክረውም ክፍፍሉ ያው ነው፤ ማስታወሻ ያለው ምርጫ ለአንድ ስላይድ ብቻ፣ ብዙ ስላይድ ያለው ያለ ማስታወሻ።

ማስታወሻ ባለው መንገድ ልሂድ ብል 36 ገጽ በ24 ሰው ሲባዛ 864 ገጽ ይሆናል፤ በአንድ ፊት ከታተመ ሁለት ደስጣ ወረቀት ሊጨርስ ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። አራት ኪሎ ያለው የኮፒ ቤት ልጅ፣ «ጋሼ፣ አራቱን ገጽ በአንድ ወረቀት ላጭቀው?» ብሎ መፍትሔ አቀረበልኝ። አንድ ናሙና አወጣልን። አራት ገጽ በአንድ ወረቀት ሲገባ የፊደሉ ቁመት በግማሽ ስለሚቀንስ 12 የነበረው ጽሑፌ 6 ሆነ። የላቲን ፊደል ምናልባት ይህን ይችል ይሆናል፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ግን የአንዲት ትንሽ ቅጥል ቦታ ነው፣ እርሷም በዚያ መጠን ከወረቀቱ ጋር ተመሳስላ ጠፋች።

እውነተኛው መንገድ የተደበቀው ማንም ለማተም ብሎ በማይገባበት ቦታ ነው። `File`፣ ከዚያ `Export`፣ ከዚያ `Create Handouts` የሚለውን ስንጫን ሥራው ወደ ዎርድ ይተላለፋል፤ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥም `Notes next to slides` የሚል ምርጫ አለ። የምፈልገው ይኸው ነበር፣ በራሱ ቋንቋ ተጽፎ። ማክ የምትጠቀመው ባልደረባዬ በእርሷ ኮምፒውተር ላይ ፈልጋ አላገኘችውም፤ ይህ ምርጫ የዊንዶውሱ ነው። ከታች ካሉት ሁለት ምርጫዎች `Paste` የሚለውን ያዝኩ፤ `Paste link` ከዋናው ፋይል ጋር ስለሚያስተሳስር ፋይሉ በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ትስስሩ ይበጠሳል።

ዎርድ ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሠራልኝ፤ በመጀመሪያው የስላይዱ ቁጥር፣ በሁለተኛው ስላይዱ፣ በሦስተኛው ማስታወሻው ተቀመጡ። እፎይ ብዬ ሳስቀምጠው ግን 12 ሜጋባይት የነበረው ሥራዬ ወደ 200 ሜጋባይት ተጠግቶ ኮምፒውተሩ ማቃሰት ጀመረ። ምክንያቱን ያወቅሁት አንዱን ስላይድ ሁለት ጊዜ ስጫነው ነው፤ እንደ ሥዕል ዝም ማለት ሲገባው ለእርማት ተከፈተ። ለካስ ወደ ዎርድ የገባው የስላይዱ ሥዕል ሳይሆን ስላይዱ ራሱ ነው፤ እያንዳንዱም የገለጻውን የጀርባ ምስልና ንድፍ ለብቻው ተሸክሟል፣ 36 ጊዜ። መድኃኒቱ ሁሉንም በ`Ctrl+A` መርጦ `Ctrl+Shift+F9` መጫን ነው። ያን ጊዜ ስላይዶቹ ተራ ሥዕል ይሆናሉ፣ ፋይሉም ይቀላል፤ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት የማይከፈት ከሆነ ተሳክቷል ማለት ነው። ይህን በየትኛው ምናሌ ላይ ጽፈው ቢያስቀምጡት ምን ይጎድልባቸው ነበር?

ቀጥሎ የቁጥሩን ዓምድ አጠበብኩ፣ የማስታወሻውን አሰፋሁ፣ ጽሑፉንም በኒያላ 10 አደረግሁት። ኤ4 ወረቀት 29.7 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ከላይና ከታች ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ 25.7 ይቀራል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ረድፍ ቁመት 8 ሴንቲ ሜትር ባደርገው ሦስቱ ይገባሉ ብዬ አሰላሁ፤ ስሌቱም ትክክል ነበር። በሠንጠረዡ ማስተካከያ ውስጥ ግን ከቁመቱ አጠገብ ሁለት ምርጫ አለ፣ `At least` እና `Exactly`። እኔ ሥራው ልክ እንዲሆን ስለፈለግሁ «ልክ» የሚለውን ሁለተኛውን መረጥኩ። ሁሉም ገጽ ሦስት ሦስት ስላይድ ይዞ እንደ ወታደር ተሰልፎ ወጣ፣ 12 ገጽ። ፒዲኤፉንም ለኃላፊያችን ላክሁት።

ማታ ቤቴ ሆኜ ሳነበው የ17ኛው ስላይድ ማስታወሻ በ«ስለዚህም» ጨረሰ። ቀጥሎ ምንም የለም። `Exactly` ማለት ከ8 ሴንቲ ሜትር የተረፈውን ጽሑፍ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መሸፈን ማለት ኖሯል። ከዚያ በኋላ የተቆረጡትን ለመለየት የየማስታወሻውን መጨረሻ ብቻ እያየሁ አራት ነጥብ የሌለውን መልቀም ጀመርኩ፤ ሰባት አገኘሁ። ዓረፍተ ነገር ላይ በትክክል ያለቀ ቁራጭ በዚህ መንገድ ስለማይያዝ ረጃጅሞቹን ከዋናው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፣ ሁለት ተጨመሩ።

በማግስቱ ምርጫውን ወደ `At least` መለስኩት፤ ረድፍ በሁለት ገጽ ተከፍሎ ስላይዱ ከማስታወሻው ግማሽ እንዳይለያይም `Allow row to break across pages` ከሚለው ላይ ምልክቱን አነሳሁ። አሁን ረዥም ማስታወሻ ያለበት ገጽ ሁለት ስላይድ ብቻ ይይዛል፣ ጠቅላላውም 15 ገጽ ሆነ። «ሦስት ሦስት ይሁን አላልኩም?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ግን ባዶ ቦታ ይሻለኛል። 15 በ24 ሲባዛ 360 ገጽ ነው፣ በሁለት ፊት ሲታተም ለአንድ ሰው 8 ወረቀት። የኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ኒያላ ይኑር አይኑር እንዳያስጨንቀኝ ከዎርዱ ፋይል ይልቅ ፊደሉን ይዞ የሚሄደውን ፒዲኤፍ ወሰድኩ።

እነዚያ ስላይዶች አሁን ሥዕል ናቸው፤ በገለጻው ላይ የሚደረግ ለውጥ ወደ እነርሱ አይደርስም። ትናንት ኃላፊያችን 9ኛውንና 22ኛውን ስላይድ አሻሽለው ላኩልኝ፤ በመካከላቸውም አዲስ አንድ ጨምረዋል።