ማስተካከያ፦ 5 ግራሙ የጨው እንጂ የሶዲየም ልክ አይደለም

«አንድ አዋቂ በቀን እስከ 5 ግራም ሶዲየም ቢወስድ ችግር የለውም።»

ባለፈው እንዲህ ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2 ግራም ያነሰ ሶዲየም ነው። ወደ ጨው ሲቀየር ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። የእኔ ቁጥር ግን 12.5 ግራም ጨው ይሆናል። በዚያ ልክ ስትጠቀሙ ከነበረ ቀንሱ፤ የደም ግፊት ይጨምራል። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እሽግ ላይ የተጻፈውን ሶዲየም በ2.5 አባዙት። 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም ያለው ሾርባ 2 ግራም ጨው አለው። እሱን ድስት ውስጥ ከጨመራችሁ ሌላ ጨው አታክሉ፤ መጀመሪያ ቅመሱት። ጨው በእፍኝ ሳይሆን በማንኪያ ለክታችሁ፣ ምግቡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ። ጣዕም ካነሰው ሎሚ ጠብ አድርጉበት።