ኮዱ የት ገባ?

ኧረ በእናታችሁ፣ ስድስት ቁጥር ለመቀበል ሁለት ቀን! እህቴ «ደረሰሽ?» ብላ የላከችው ወዲያው ይገባል፤ የማረጋገጫ ኮዱ ግን የለም። ኮዱን የሚልኩት ሰዎች «ልከናል» ይላሉ። የታገዱ መልእክቶች ውስጥ ብበረብር እዚያም የለም። ከውጭ በጅምላ የሚላክ መልእክት የላኪው ስም ወይም አጭር ቁጥር ካልተፈቀደ የኔትወርኩ ማጣሪያ መንገድ ላይ ሊያስቀረው ይችላል፤ ስልኬ ምን ያድርግ? «እንደገና ላክ» እያልኩ ስደጋግም ጭራሽ ለ24 ሰዓት ተቆለፈብኝ!

በማግስቱ «በስልክ ጥሪ» የሚለውን መረጥኩ። ጥሪ ስለሆነ የመልእክት ማጣሪያው አይነካውም። እሱም አልጮኸም፤ ለካ የማላውቃቸውን ቁጥሮች ድምፅ የሚያጠፋው ሴቲንግ በርቶ ኖሯል። አጠፋሁትና በሚቀጥለው ጥሪ የተቀዳ የሴት ድምፅ ኮዱን አንድ በአንድ አነበበልኝ። ታዲያ ይህን አማራጭ ለምን ከመጀመሪያው አያሳዩንም?